ነገ ደረሰኝ ለሚሆነው ፕሮፎርማ ዛሬ እንጠንቀቅ
በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ቤት ለምናሠራና ለምንሠራ ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ ቡልቡላ የቤቱን ቁልፍ የተቀበለ ሰው ሥራው ገና አላለቀለትም። ኪችን ካቢኔቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የሳሎኑ ጂፕሰም፣ ቀለሙ ይቀረዋል። ስለዚህ ከሁለት ከሦስት ወርክሾፕ ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ያወዳድራል፣ አንዱን መርጦ ገንዘብ ይሰጣል። ከሁለት ወር በኋላ ጠብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእንጨቱ ጥራት አይሆንም። “ግራናይቱ አብሮ ነው ያልከኝ”፣ “ቫቱ ውስጡ ያለ መስሎኝ ነው”፣ “ያ ዋጋ እኮ የዚያን ጊዜ ዋጋ ነው” የሚሉ ንግግሮች ናቸው ሰው የሚያቀያይሙት። አንዱም ቢሆን ፕሮፎርማው ላይ ከአንድ መስመር በላይ አይፈልግም ነበር።

በእነዚህ ጠቦች ውስጥ ሆነ ብሎ ለማታለል የተነሳ ሰው እምብዛም አናይም። ባለሙያው ሥራው እንዳያመልጠው ቸኩሎ ይጽፋል፤ ባለቤቱም ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይቶ ይስማማል። ጉዳቱ ግን ከሁለቱ አያቆምም። ክፍያው ሲታገድ የቀን ገቢያቸውን የሚጠብቁ ገጣሚዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ኤምዲኤፍ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ገንዘቡ ይያዝበታል፤ የራሱ ቤት ባለማለቁ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ሌላ ወር ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስንጽፍ አንድ ነገር እንልመድ፤ ወደፊት የምንቆርጠውን ደረሰኝ አስቀድመን እናስበው። ደረሰኙ ላይ የሚወጣ ማንኛውም መስመር ፕሮፎርማው ላይ ወላጅ ይኑረው።

ዋጋው እስከ መቼ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ወር ፕሮፎርማ ሰጥተው የነበሩ የከተማችን ባለሙያዎች በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን የጻፉና ያልጻፉ። አንድ ወርክሾፕ ሐምሌ 10 ቀን “ለ30 ቀን የጸና” ብሎ ፕሮፎርማ ሰጥቶ ነበር እንበል። ደንበኛው ነሐሴ 5 ቀን “ተስማምቻለሁ” ቢለው በዚያው በአሮጌው ዋጋ ተይዟል፤ ማጠፊያውና የመሳቢያው ሐዲድ ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ቀን ያልጻፈው ደግሞ የተሻለ ዕድል አልነበረውም፤ ዋጋው ሞቷል አልሞተም የሚለው ራሱ ሌላ ክርክር ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1690 እንደሚለው፣ ለመቀበያ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ በቃሉ የተያዘ ነው። ጊዜ ካልወሰነም ነጻ አይሆንም፤ በአንቀጽ 1691 መሠረት ምላሽ በአግባቡ ሊጠበቅ የሚችልበት ጊዜ እስኪያልፍ ይያዛል። ያ ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ የሚነግረን ግን የለም፤ ስለዚህ እኛው ራሳችን ብንጽፈው ይሻላል። ደንበኛው አንዴ ከተቀበለ በኋላ ዕቃ ተወደደብኝ ማለት ብቻውን ውሉን አይለውጠውም፤ አንቀጽ 1764 የውል አፈጻጸም ካሰቡት በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል።

ከዚህ የሚከተለውን እንያዝ።

እናድርግ፦ የሚያበቃበትን ቀን በስሙ እንጻፍ፤ “እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2018 የጸና” ያለ ሰው ማስላት አይኖርበትም።
እንተው፦ “ለአንድ ወር” ብሎ መተውን እንተው፤ ከነሐሴ 15 እስከ መስከረም 15 ጳጉሜን መሀል ስለምትገባ 30 ቀን አይሆንም።

እናድርግ፦ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱንም ኢትዮጵያዊ ወይም የፈረንጅ መሆኑን ለይተን እንጻፍ፤ ውጭ አገር ያለው ባለቤት በሌላ አቆጣጠር ያነበዋልና።
እንተው፦ 10/11/2017 ብለን በቁጥር ብቻ አንተው፤ አንዱ ሐምሌ ሲለው ሌላው ኖቬምበር ይለዋል።

እናድርግ፦ ከውጭ የሚገባውንና የእጅ ዋጋውን በተለያየ ጊዜ እናጽና፤ የማጠፊያ ዋጋ ለ7 ቀን፣ የእጅ ዋጋ ለ30 ቀን ቢሆን ማንም አይጎዳም።
እንተው፦ ሁሉንም ለሦስት ወር አጽንተን ኪሳራ ብንፈራ ከጥራት አንቁረጥ፤ የሚጎዳው በዚያ ቁም ሳጥን የሚጠቀመው ቤተሰብ ነው።

እናድርግ፦ “ቅድመ ክፍያ በገባበት ዕለት የቁሳቁስ ዋጋ ይቆለፋል” የሚል መስመር እናስገባ፤ ባለሙያው በዚያው ሳምንት ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል።
እንተው፦ “ዋጋ ሊለወጥ ይችላል” የሚል ልቅ ቃል አንጻፍ፤ በስንት፣ በምን ምክንያት፣ እስከ መቼ የሚለውን ካልነገርን ደንበኛው በምን ይተማመናል?

የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ቃል የሚጽፉት ራሳቸውን ለመጠበቅ ነው፤ ግን አይጠብቃቸውም። ደንበኛው እንደማስፈራሪያ ያነበዋል፤ ክርክር ሲነሳ ደግሞ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ስለማይናገር ምንም አያስረዳም። ይልቅ “ቅድመ ክፍያው እስከዚህ ቀን ካልገባ የቁሳቁሱ ክፍል በአዲስ ዋጋ ይሰላል፣ የእጅ ዋጋው እንዳለ ይቀጥላል” ብንል ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ደንበኛውም ለመወሰን የሚያነሳሳው እውነተኛ ምክንያት ያገኛል።

ምን አለበት፣ ምን የለበትም?

በሰፈራችን ከሚታዩት ክርክሮች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ናቸው። ፕሮፎርማው “ኪችን ካቢኔት ሙሉ” ይላል። “ሙሉ” ለባለቤቷ ግራናይቱን፣ ሲንኩን፣ ቧንቧውን ማገናኘትና የምድጃውን ሶኬት ይጨምራል፤ ለአናጺው የላይና የታች ሣጥኖች ከነበሮቻቸው ማለት ነው። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት።

ልኬቱ ራሱ ሌላ ጉድጓድ ነው። አንዱ ወርክሾፕ በሜትር ያሰላል፤ ማለትም ግድግዳው ላይ በሚሄደው ርዝመት። ሌላው በካሬ ያሰላል፤ ማለትም ከፊት በሚታየው ስፋት። ሁለቱም “ሜትሩ ይህን ያህል” ይላሉ። ባለቤቷ ሁለቱን ፕሮፎርማዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ርካሹን ስትመርጥ ምናልባት የመረጠችው ውዱን ነው። ስለዚህ የመለኪያውን ዓይነት እንጻፍ፤ ከተቻለም “የታች ካቢኔት፣ ርዝመት 4 ሜትር፣ ከፍታ 85 ሳንቲ፣ ጥልቀት 60 ሳንቲ” ብለን ልኩን ራሱን እናስቀምጥ። ልኩ ካለ በየትኛውም አሠራር ማመሳከር ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ትንንሽ የሚመስሉ ወጪዎች ናቸው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላለ ቤት ሊፍት የለም፤ የኤምዲኤፍ ጣውላ በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። መኪናው ግቢው በር ላይ ሲደርስ የአካባቢው ጫኝና አውራጆች ይመጣሉ፤ ክፍያቸውን ማን ይሸፍናል? ፕሮፎርማው ካልተናገረ ሹፌሩ፣ አናጺውና ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ይከራከራሉ፤ መንገድ የተዘጋበት ጎረቤት ደግሞ ጥሩምባ ይነፋል። የድሮው ካቢኔት ሲነቀል የሚወጣው ፍርስራሽም እንዲሁ ነው። “ማንሳት የእኔ አይደለም” ተባብለው ደረጃው ላይ ከተዉት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው የሚደናቀፉበት።

እናድርግ፦ “ያካትታል” እና “አያካትትም” የሚሉ ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ይኑሩ፤ ያልተካተተው ካልተጻፈ ደንበኛው እንደተካተተ ይገምታል።
እንተው፦ “ሙሉ”፣ “ከነምናምኑ”፣ “እና ሌሎች” የሚሉ ቃላትን እንተው፤ ነገ ደረሰኝ ላይ ልናወጣቸው አንችልም።

እናድርግ፦ የጣውላውን ውፍረት፣ ቀለምና የማጠፊያውን ዓይነት እንጥቀስ፤ 16 ሚሊ ከ18 ሚሊ ጋር በአንድ ዋጋ አይወዳደርም።
እንተው፦ “ጥራት ያለው” ብቻ ብለን አንለፍ፤ ጥራት የሚለካበት ነገር ካልተሰየመ እያንዳንዳችን የራሳችንን እንረዳለን።

እናድርግ፦ ማጓጓዣ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ፎቅ ማውጫና ፍርስራሽ ማንሻ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ “ደንበኛው ይሸፍናል” ቢሆን እንኳ ይጻፍ።
እንተው፦ እነዚህን በመጨረሻው ቀን በቃል ማስታወስን እንተው፤ የሚጠየቀው ሰው በጀቱን ጨርሷል።

እናድርግ፦ ደንበኛው ቀድሞ ማዘጋጀት ያለበትን እንጻፍ፤ ውኃ፣ መብራት፣ የደረቀ ግድግዳ፣ ሥራ የሚፈቀድበት ሰዓት ከሕንፃው አስተዳደር።
እንተው፦ እርጥብ ግድግዳ ላይ “ይሁን እንግጠመው” ማለትን እንተው፤ ጣውላው አብጦ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አይለይም።

“አያካትትም” የሚለው ዝርዝር ሥራ ያሳጣናል ብለው የሚሰጉ አሉ። ፍርሃቱን እንረዳለን፤ የጎረቤት ወርክሾፕ ዝም ብሎ ሲያልፈው የእኛ ፕሮፎርማ ብቻ ጎደሎ መስሎ ይታያል። መፍትሔው መደበቁ አይደለም። “ግራናይት አያካትትም፤ ከተፈለገ በዚህ ዋጋ እናቀርባለን” ብለን ዋጋውን ከሥሩ እንጻፈው። ደንበኛውም ሌላውን ወርክሾፕ “የእናንተስ ግራናይቱ አለበት?” ብሎ የሚጠይቅበት ነገር ያገኛል።

ክፍያው በየትኛው ሥራ ላይ?

“60 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪው ሲያልቅ” የሚል ፕሮፎርማ በየቦታው ይታያል። ለባለሙያው ምቹ ይመስላል፤ ግን ሥራው መሀል ላይ ሲደርስ ስድሳው አልቆ ገጣሚ የሚከፈልበት አይኖርም፤ ባለቤቱም ከፍሎ ሲጨርስ ያየው ነገር ስለሌለ ፍርሃት ይገባዋል። ይሻላል የምንለውን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው።

ሰሚት ላለ አንድ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ፕሮፎርማ ተጻፈ እንበል። በተራ ቁጥር 1 ኪችን ካቢኔት 360,000 ብር፤ በተራ ቁጥር 2 ሁለት ቁም ሳጥን 300,000 ብር፤ በተራ ቁጥር 3 የሳሎን ጂፕሰም ኮርኒስ 140,000 ብር። ድምሩ 800,000 ብር። ቫት 15 በመቶ 120,000 ብር። ጠቅላላ 920,000 ብር።

ክፍያው በአራት ይከፈል።

አንደኛው 40 በመቶ፣ ሥዕሉና ልኩ በሁለቱም ሲፈረም፦ 320,000 ብርና ቫት 48,000 ብር፤ በድምሩ 368,000 ብር።

ሁለተኛው 30 በመቶ፣ የተቆረጡት ሣጥኖች ቤቱ ደርሰው ሲቆጠሩ፦ 240,000 ብርና ቫት 36,000 ብር፤ በድምሩ 276,000 ብር።

ሦስተኛው 20 በመቶ፣ ካቢኔቱ፣ ቁም ሳጥኖቹና ኮርኒሱ ተገጥመው ሲያበቁ፦ 160,000 ብርና ቫት 24,000 ብር፤ በድምሩ 184,000 ብር።

አራተኛው 10 በመቶ፣ በርክክብ ዝርዝሩ ላይ ያሉት እርማቶች ሲያልቁ፦ 80,000 ብርና ቫት 12,000 ብር፤ በድምሩ 92,000 ብር።

እያንዳንዱ ክፍያ የተንጠለጠለበት ነገር በዓይን የሚታይ ነው። “ሥራው ሲጋመስ” አላልንም፤ ግማሹ የት እንደሆነ ሁለት ሰው አይስማማበትም። “ሣጥኖቹ ቤቱ ደርሰው ሲቆጠሩ” ግን የሚቆጠር ነገር ነው፤ በሦስት መስመር ወረቀት ላይ ተፈርሞ ይቀመጣል። ያ ወረቀት ለሁለተኛው ደረሰኝ መነሻ ነው።

ቀኑን ሳይሆን ሥራውን መያዛችንንም ልብ በሉ። “ከ15 ቀን በኋላ 30 በመቶ” ብንል መብራት ጠፍቶ ማሽን ቢቆም ባለቤቱ ያላየውን ይከፍላል፤ ወይም ባለመክፈሉ ባለሙያው ይናደዳል። ሥራው ከተያዘ መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው።

አሁን ስለ ቀብድ እናንሳ። በገበያችን የመጀመሪያውን ክፍያ ሁሉ ቀብድ ማለት ለምደናል፤ በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። በምሳሌያችን 368,000 ብሩን “ቀብድ” ብሎ የጻፈ ወርክሾፕ ሥራውን መተው ቢያስፈልገው 736,000 ብር እንዲመልስ ሊጠየቅ ነው። ባለቤቱም ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ በሙሉ ሊሄድበት ይችላል። ሁለቱም ይህን አላሰቡም ነበር። ስለዚህ “ቅድመ ክፍያ፣ ከሥራው ዋጋ የሚታሰብ” ብለን እንጻፍ፤ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚመለስም በአንድ መስመር እንጨምር።

እናድርግ፦ መቶኛውንም ብሩንም እንጻፍ፤ ደረሰኝ ሲቆረጥ ማንም ካልኩሌተር ይዞ አይከራከርም።
እንተው፦ “በስምምነት” የሚከፈል ክፍያን እንተው፤ ስምምነቱ የሚፈለገው ሁለቱ በተኳረፉበት ቀን ነው።

እናድርግ፦ የመጨረሻውን 10 በመቶ የሚያስለቅቀው ዝርዝር በርክክቡ ዕለት ይፈረም፤ ገጣሚው ምን ሠርቶ እንደሚወጣ ያውቃል።
እንተው፦ በርክክብ ላይ ያልተነሳ አዲስ ጥያቄ ይዘን 10 በመቶውን ማገድን እንተው፤ ባለሙያው ከዚያ ላይ ነው የሠራተኞቹን የመጨረሻ ክፍያ የሚያወጣው።

ቫትና ደረሰኝ

ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር በእያንዳንዱ ፕሮፎርማ ላይ ይጻፍ። በምሳሌያችን ልዩነቱ 120,000 ብር ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ በግምት አይተውም። “800,000 ብር” ብቻ ተብሎ ተጽፎ ቢሆን፣ ባለቤቱ ከነቫቱ ነው ካለ ለወርክሾፑ የሚቀረው 800,000ን ለ1.15 አካፍለን የምናገኘው ነው፤ 695,652 ብር ገደማ። ትርፉ እዚያው አለቀ።

ቫት የሚጠይቀው ለቫት የተመዘገበ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ወርክሾፕ 15 በመቶ ጨምሮ ማስከፈል የለበትም፤ የተመዘገበ ደግሞ “ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ” ማለቱን ይተው፤ ባለቤቱ ነገ ቢከራከር በእጁ ማስረጃ የለውም፤ ግብሩን በአግባቡ የሚከፍለው ጎረቤት ወርክሾፕም በዋጋ ይሸነፋል።

ደረሰኙ የሚቆረጠው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመስላቸው አሉ። ቅድመ ክፍያ ሲገባም ደረሰኝ ይቆረጣል። አራቱን ክፍያ ከነቫታቸው አስቀድመን የጻፍነው ለዚህ ነው፤ ክፍያው በገባ ቁጥር ያው ቁጥር ወደ ደረሰኙ ይገለበጣል። የሥራው ስም፣ ተራ ቁጥሩና የፕሮፎርማው ቁጥር አብረው ይሂዱ። “በፕሮፎርማ ቁጥር 14፣ ሁለተኛ ክፍያ፣ 30 በመቶ” የሚል ደረሰኝ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደንበኛው ቦሌ ላይ ቢሮ የሚያሳድስ ድርጅት ከሆነ ግብር ቀንሶ ሊያስቀር ይችላል። ያ ተቀናሽ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ ለተቀነሰው ደግሞ የተቀናሽ ደረሰኝ ይሰጣል። ከዋጋችን የተቀነሰ ቅናሽ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችን ላይ የሚታሰብልን ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ሙሉውን ዋጋ እንጻፍ፤ ተቀናሹን ቀድመን ጨምረን ዋጋ አናንር፤ የምናስከፍለው ያለአግባብ ነውና። ደረሰኙን ግን ሳንቀበል አንመለስ።

ሐሳብ ሲለወጥ

ፕሮፎርማው በቴሌግራም ተላከ። ባለቤቷ “እሺ ተስማምቻለሁ፣ ግን አንዱን ቁም ሳጥን በመስታወት አድርጉት” ብላ መለሰች። ባለሙያው “እሺ” ያለው ለመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ እሷ ለሁለተኛው እንዳለው ተረዳች። በአንቀጽ 1694 መሠረት እንዲህ ያለ መልስ መቀበል አይደለም፤ የመጀመሪያውን እንደ መተውና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። በቴሌግራም ላይ የተለዋወጡት ሁለት “እሺ” ሁለት የተለያዩ ስምምነቶች ናቸው ማለት ነው፤ ደረሰኙ ግን አንዱን ብቻ መከተል ይችላል።

እናድርግ፦ ለውጥ በመጣ ቁጥር ፕሮፎርማውን በአዲስ ቀንና ቁጥር እንደገና እንላክ፣ “ቁጥር 14ን ይተካል” ብለን፤ አሮጌው በእጃቸው ቢቆይም አያሳስታቸውም።
እንተው፦ በወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዞ መደለዝን እንተው፤ የባለቤቷ ቅጂ ላይ ያ ስርዝ የለም።

እናድርግ፦ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ለሚመጣ ጭማሪ ዋጋውን፣ ጊዜውንና በየትኛው ክፍያ እንደሚካተት የያዘ አንድ ገጽ አስፈርመን እንጀምር፤ ሳይፈረም የተሠራ ጭማሪ እንደ ስጦታ ይቆጠራል።
እንተው፦ “በኋላ እንተሳሰባለን” ማለትን እንተው፤ በኋላ የሚመጣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው በተለይ ውጭ አገር ላሉ ባለቤቶች ነው። ብዙዎች ቤታቸውን የሚያሠሩት በወንድም ወይም በእናት በኩል ነው። እናቱ ቤቱን ሊጎበኙ መጥተው “ልጄ፣ እዚህ መደርደሪያ ጨምርበት” ይሉታል፤ ባለሙያው እማማን እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ልጅየው ደግሞ በስተመጨረሻ በማያውቀው 25,000 ብር ይደነግጣል። ሦስቱም ቅን ናቸው። ስለዚህ ጭማሪ መፍቀድ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ስልክም መልስ እንደሚሰጥ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። እማማም ቢጠይቁ ባለሙያው በአክብሮት “እሺ እማማ፣ ለልጅዎ ልላክለትና ወዲያው እንጀምራለን” የሚልበት መንገድ ያገኛል።

ሦስተኛ ፕሮፎርማ ስለማዋስ

ድርጅቶች ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠይቁ፣ ቁጥሩን ለማሟላት ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ ጽፈን ማኅተም አድርገን እንድንሰጥ ወዳጅ ይለምነናል። አናድርገው። በማኅተማችን የወጣ ዋጋ ለዚያ ደንበኛ የቀረበ ሐሳብ ነው፤ እንዳጋጣሚ የእኛን መርጠው “ሥሩት” ቢሉን በማናስበው ሥራ፣ ባልሠራነው ስሌት ተያዝን። የድርጅቱ ገንዘብ ያዥም ገበያውን በተሳሳተ ዋጋ ያየዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲይዝ የእኛን የሐሰት ቁጥር እንደ መነሻ ይወስደዋል።

እናድርግ፦ ወዳጃችንን “ልኩን ላክልኝ፣ እውነተኛ ዋጋ ላውጣ” እንበለው፤ ደንበኛው ሦስት እውነተኛ ምርጫ ያገኛል።
እንተው፦ ማኅተም ያረፈበት ባዶ ወረቀት መስጠትን እንተው፤ በስማችን የሚጻፍበትን አናይም፤ ደረሰኙ ሲጠየቅ ግን የምንጠየቀው እኛ ነን።